ዜማ የሠራው ልጅ ከክሬዲቱ ጠፋ፤ «Composer» የሚባለው ማን ነው?

ሃኒ_ድምፅ

ሰላም ቤቶች። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ወር የመጀመሪያዋን ነጠላ ዜማዬን ለቀቅኩ። ግጥሙን የጻፈችልኝ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። ዜማውን የሠራው አንድ የሰፈራችን ልጅ ነው። መሣሪያ አይጫወትም፤ «ላ ላ ላ» እያለ በስልኩ ቀድቶ ነው የላከልኝ። ቅንብሩን ቤቱ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ያለው አቀናባሪ ሠራው። ሚክስና ማስተሪንጉን ሌላ ሰው። ወጪውን በሙሉ የቻለው ዱባይ የሚሠራው አጎቴ ነው።

ዘፈኑን ወደ ኦንላይን መደብሮች የሚያሰራጨው ድርጅት ላይ ፎርሙን የሞላልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። እንዲህ አድርጎ፦

```
Songwriter: ገጣሚዋ
Composer:   አቀናባሪው
Producer:   አጎቴ
```

ዜማ የሠራው ልጅ የትም የለም። እኔም አላየሁትም፣ ጥፋቴ ነው። ልጁ ዘፈኑን ስልኩ ላይ ከፍቶ ክሬዲቱን ሲያይ ስሙን አጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አያነሳም። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ኮምፖዘር ማለት አቀናባሪ ነው፣ መዝገበ ቃላት እይ» እያለ ይሟገተኛል። እውነት ማን የት ይገባል?

የሰፈር_ዲጄ

የአክስትሽ ልጅ ልክ ነው። ሙዚቃውን የሠራው ማን ነው? አቀናባሪው። እሱ ባይኖር «ላ ላ ላ» ነበር የምትለቂው። ዜማ የሠራውን ልጅ Songwriter ውስጥ ከገጣሚዋ ጋር ጨምሪው፣ አለቀ። ይቅርታ ጠይቂውና ቡና ጋብዢው።

ሚክስ_ክፍል

ዲጄ ግማሹን መትቶታል፣ ግማሹን ስቶታል። ልጁ Songwriter ውስጥ መግባት ይችላል፣ ትክክል። አቀናባሪውን Composer ማለት ግን ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ከቋንቋ የመጣ ነው። አንዳንድ የእኛ መዝገበ ቃላት ኮምፖዘርን «የሙዚቃ አቀናባሪ» ብለው ስለሚፈቱት ሰው ሁሉ እዚያው ላይ ይወድቃል። እንግሊዝኛው Composer የሚለው እኛ ዜማ ደራሲ የምንለውን ነው። እኛ አቀናባሪ የምንለው እነሱ ዘንድ Arranger ነው።

ሃኒ፣ አንድ ነገር ሞክሪ። ዘፈንሽን ያለ ምንም መሣሪያ፣ ወጥ ቤት ሆነሽ አንጎራጉሪው። አፍሽ ላይ የቀረው ዜማው ነው። ቃሉን ትተሽ ብታፏጪውም «የሃኒ ዘፈን ነው» ብሎ የሚያውቀው ሰው አለ። ስታንጎራጉሪ የጎደለው ቤዝ፣ ከበሮው፣ ኮርዱ፣ ከአዝማቹ በኋላ የሚገባው ሳክስፎን፣ ያ ሁሉ ቅንብር ነው።

የብሔራዊ መዝሙራችንን አስቢው። ግጥሙ የደረጀ መላኩ፣ ዜማው የሰሎሞን ሉሉ ነው። ማርሽ ባንድ በነሐስ መሣሪያ ብቻ ሲጫወተው አንድም ቃል የለም፣ ግን የሰሎሞን ሉሉ ዜማ ነው። ነገ አንድ ሰው ለክራርና ለመሰንቆ ቢያቀናብረው ያ ሰው አቀናባሪ ይሆናል እንጂ ዜማ ደራሲ አይሆንም።

Songwriter የሚለው ሰፊ ቅርጫት ነው፤ ገጣሚውንም ዜማ ደራሲውንም ይይዛል። ፎርሙ Lyricist እና Composer ብሎ ለየብቻ ከጠየቀሽ ለይተሽ ሙይ። Songwriter ብቻ ካለው ሁለቱንም እዚያ ክተቻቸው።

ቢት_እና_ቡና

ሰላም፣ እኔ ፕሮዲውሰር መሆን እፈልጋለሁ። በ8 ጂቢ ራም ኮምፒውተር ይቻላል ወይስ 16 ልግዛ? የምታውቁ ንገሩኝ።

የሰፈር_ዲጄ

ወንድሜ ሌላ ክር ክፈት 😂

ሚክስ ክፍል፣ እሺ መዝገበ ቃላቱን ተቀብያለሁ። ግን ፍትሑስ? እኔ የማውቃቸው አቀናባሪዎች የሚመጣላቸው የስልክ ቅጂ ቁልፉ እንኳን የማይታወቅ ነው። ልጁ በአንዱ ስንኝ ዝቅ ብሎ ይጀምርና በሌላው ከፍ ይላል። ኮርዱን የሚያገኝለት፣ ፍጥነቱን የሚወስነው፣ አዝማቹ ስንቴ እንደሚመለስ የሚቆርጠው አቀናባሪው ነው። ይሄ ሁሉ ድርሰት ካልሆነ ምንድን ነው?

ጋሽ_ካሴት

ልጆች፣ ሽማግሌ ይናገር ካላችሁ።

በካሴቱ ዘመን ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ያኔ ፕሮዲውሰር ማለት ብር ያወጣ ማለት ነው። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ለዘፋኙ ይከፍላል፣ ለባንዱ ይከፍላል፣ ስቱዲዮ ይከራያል፣ ካሴት ያስባዛል፣ ሽፋን ያሳትማል። ኪሳራም ትርፍም የሱ ነው። ገጣሚና ዜማ ደራሲ በአንድ ዘፈን ይህን ያህል ተብሎ አንዴ ይከፈላቸዋል፣ ይፈርማሉ፣ በዚያው ያበቃል። ካሴቱ መቶ ሺህ ቢሸጥ ሁለተኛ ሳንቲም የለም።

ሽፋኑ ላይ ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሌ ይባላል። ቅንብሩ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሰው ስም የለም፤ «በእንትን ባንድ ታጅቦ» ነው የሚባለው። ሮሃ ባንድ የተጫወተውን ካሴት ብዛት ማን ይቆጥረዋል? መግቢያዋን ጊታሪስቱ ይፍጠራት ኪቦርዲስቱ፣ ሁሉም በባንዱ ስም ተሸፈነ።

ስለዚህ የሃኒ አጎት በእኛ ዘመን ቋንቋ ፕሮዲውሰር ናቸው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ መብት በነበረበት ጊዜ ደፍሮ ገባበት። ዜማ ደራሲ ስለሆነ አይደለም ስሙ የሚነሳው። ገንዘቡንና ድፍረቱን ይዞ ባይቆም ብዙዎቹ ዘፈኖች ዛሬ በእጃችን አይኖሩም ነበር። የሃኒን አጎት አትሰርዟቸው።

ሚክስ_ክፍል

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። በሕግም ቢሆን የእርስዎ አጠራር መሠረት አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰር የሚለው በተነሳሽነቱና በኃላፊነቱ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲቀረጽ ያደረገውን ነው። ይህ ከሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ጋር ይቀራረባል፣ ማዞሪያ ከሚያዞረው ሰው ጋር አይደለም።

ፎርሙ ላይ ያለው Producer ግን ሌላ ሰው ነው። እነሱ የሚሉት ስቱዲዮ ውስጥ ቀረጻውን የመራውን ነው። ዘፋኟን «ይህችን ስንኝ ድገሚያት፣ ትንፋሽሽ ተሰማ» የሚላት፣ የትኛው የድምፅ ቅጂ እንደሚቀር የሚመርጥ፣ ሳክስፎኑ ይግባ አይግባ የሚወስን። አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ።

ሃኒ፣ አጎትሽ የሚገቡበት ቦታ አለ። በክብ ውስጥ ያለች P የምትባል መስመር አለች፤ ዓመተ ምሕረትና የቀረጻው ባለቤት ስም ይጻፍባታል። ካወጡት ብር ጋር የቀረጻው ባለቤትም እሳቸው እንዲሆኑ ተስማምታችሁ ከሆነ እዚያ ይጻፉ። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ያቺ መስመር ያንቺ ናት። Executive Producer የሚል ሳጥንም ካለው አጎትን በክብር የሚያስቀምጥ እሱ ነው።

Producer ላይ የሚገባው ምናልባት አቀናባሪሽ ነው። እኛ አገር አቀናባሪው ብዙ ጊዜ ቀረጻውንም እሱ ነው የሚመራው። ድምፅሽ ሲቀረጽ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ የሚያርምሽ ማን ነበር?

ሃኒ_ድምፅ

እሱ ነበር! አንዷን ስንኝ 14 ጊዜ አስደግሞኛል። ላለቅስ ነበር።

ሚክስ_ክፍል

በቃ፣ Arranger ም Producer ም እሱ ነው። ሁለት ቦታ ስሙ ቢገባ ነውር የለውም። ያደረገው ሁለት ሥራ ነው።

ቤቲ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ነኝ፣ ቢት እሠራለሁ፣ በአብዛኛው ለራፐሮች። እኔ ዘንድ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቢቱን የሠራሁት እኔ ከሆንኩ ደራሲ ሆኜ ነው የምመዘገበው፣ ብዙ ጊዜም በግማሽ ድርሻ። ማንም «አንቺ አቀናባሪ ብቻ ነሽ» ብሎኝ አያውቅም። እና ሚክስ ክፍል የምትለው ሕግ የት አገር ነው የሚሠራው?

ሚክስ_ክፍል

ጥሩ ጥያቄ። ልዩነቱ ማን ቀድሞ መጣ የሚለው ላይ ነው። አንቺ ቢቱን ትልኪያለሽ፣ ራፐሩ እሱን እየሰማ ይጽፋል። ራፕ ውስጥ የሚንጎራጎር ዜማ ብዙ የለም፤ ሰው የሚያስታውሰው ያንቺን ሉፕ ነው። ስለዚህ የድርሰቱ ግማሽ ያንቺ ነው ተብሎ ልማድ ሆነ። የሃኒ ዘፈን በተቃራኒው ነው የተወለደው። ዜማው ሙሉ ሆኖ መጣ፣ ቅንብሩ በኋላ ለበሰው። አቀናባሪው ደራሲ የሚሆነው ደራሲዎቹ «ና ተካፈል» ብለው ከተስማሙ ወይም ራሱ አዲስ ዜማ ከጨመረ ነው።

ያንቺ ዓለም ውስጥ ያለ የእኛ ምሳሌ ልንገርሽ። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት «አዝ ዊ ኤንተር» የሚል ዘፈን አለ። የተሠራው ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ተቆርጦ በተወሰደ ድምፅ ነው። ፕሮዲውሰሩ ዴሚያን ነው። ሙላቱ ግን ከደራሲዎቹ ጋር ተቆጥሯል፤ ምክንያቱም ሰው የሚሰማው የሱን ዜማ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ፈቃዱ ሁለት ነው፤ አንዱ ከድርሰቱ ባለቤት፣ አንዱ ከቀረጻው ባለቤት። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ እሺ ብሎ ሌላው እምቢ ካለ ዘፈኑ አይወጣም።

የክራር_ልጅ

እዚህ ላይ የራሴን ጉዳይ ላስገባ። የወሎ ባህላዊ ዘፈን በአዲስ ቅንብር ሠርቼ Composer ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። በዓመቱ ሌላ ልጅ ያንኑ ዘፈን ለቀቀ፣ እሱም የራሱን ስም። አሁን ዩቲዩብ ላይ እርስ በርስ እየተካሰስን ነው። እኔ ቀድሜያለሁ፣ መብቱ የኔ አይደለም?

ጋሽ_ካሴት

ልጄ፣ አያትህ ሰርግ ላይ የዘፈነችውን አንተ ደረስኩት ትላለህ?

የክራር_ልጅ

ጋሼ መቱኝ 😅 ግን ሦስት ወር ሠርቻለሁ እኮ።

ሚክስ_ክፍል

ሦስት ወሩ የቅንብርህ ነው፣ ያም መብት አለው። Composer ላይ «Traditional» ብለህ፣ Arranger ላይ ስምህን ጻፍ። ያኔ ያኛው ልጅ ያንተን መግቢያ፣ ያንተን ኮርድና ያንተን የክራር ምላሽ ቢገለብጥ ልትከሰው ትችላለህ። የሕዝቡን ዜማ ስለዘፈነ ግን አትከሰውም። እሱም አንተን እንደዚያው።

ቅኝትና ዜማም አይምታቱባችሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የማንም አይደሉም። በትዝታ ቅኝት አዲስ ዜማ ከሠራህ ያ ዜማ ያንተ ነው። የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ይኸው ነው። ቅኝቱ የሁላችን፣ በሱ ላይ የሄደበት መንገድ የሱ።

ሃኒ_ድምፅ

እሺ፣ ገብቶኛል። አሁን ማስተካከል ነው። የአክስቴ ልጅ «ዘፈኑን ከሁሉም ቦታ እናውርድና በትክክለኛው ስም እንደገና እንጫነው» ይላል። 11 ሺህ ጊዜ ተደምጧል፣ ያ ይጠፋል?

ሚክስ_ክፍል

እንዳታወርዱት! ቀረጻሽ ISRC የሚባል መለያ ቁጥር አለው። እዚያው ፎርሙ ላይ «አርም» ብለሽ ስሞቹን ቀይሪ፤ ድምፁ እስካልተነካ ድረስ ቁጥሩ ይቆያል፣ የተደመጠውም ይቆያል። አውርደሽ በአዲስ ቁጥር ከጫንሽው መደብሮቹ ሌላ ዘፈን ነው ብለው ከዜሮ ይጀምሩልሻል። እርማቱ ሁሉም ጋ እስኪደርስ ጥቂት ቀን ይፈጃል፣ አንዳንዱ ጋ ይዘገያል። አትደንግጪ።

ሌላ ነገር። ለድርሰቱ ደግሞ ISWC የሚባል የተለየ ቁጥር አለ። ነገ ይህንኑ ዘፈን በሪሚክስ ብታወጪው፣ ወይ በክራር ብቻ ብትቀርጪው፣ እያንዳንዱ ቀረጻ አዲስ ISRC ያገኛል። የድርሰቱ ቁጥር ግን አንድ ነው። የገጣሚዋና የዜማ ደራሲው ስም የሚኖረው እዚያ ላይ ነው። ዘፈኑ በሌላ ዘፋኝ ቢዘፈን እንኳን ይከተላቸዋል። አቀናባሪሽ ግን አዲሱን ቅንብር ሌላ ሰው ከሠራው ስሙ በዚያኛው ላይ አይኖርም።

ስም አጻጻፉንም አደራ። የደራሲ ቦታ ላይ የመድረክ ስም አይገባም፤ መታወቂያ ላይ ያለው ስም ከነአባት ነው። በላቲን ፊደል ስትጽፉ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ጋ Tsehay፣ ሌላው ጋ Tsehai፣ ሦስተኛው ጋ Sehay ብላችሁ ከጻፋችሁ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው የሚያየው። የእኛ አገር ደራሲዎች ሥራ ተበታትኖ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የሰፈር_ዲጄ

ስለዚህ ስሙን ካስተካከለች ልጁ ብር ማግኘት ይጀምራል ማለት ነው?

ቤቲ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

አይደለም፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ስጠብቅ ነበር። አሰራጩ ድርጅት የሚልከው የቀረጻውን ገቢ ነው፣ የሚልከውም አካውንቱን ለከፈተው ሰው። ክሬዲት ላይ ስም ስለተጻፈ ብቻ ማንም ጋ ብር አይሄድም። የደራሲ ገቢ በሌላ ቧንቧ ነው የሚመጣው። እዚህ አሜሪካ ASCAP ወይ BMI የሚባሉ የደራሲ ገቢ ሰብሳቢዎች ጋ አባል ሆነሽ ድርሰቱን ታስመዘግቢያለሽ። ለስትሪሚንጉ የሜካኒካል ድርሻ፣ ማለት ድርሰቱ በተባዛ ቁጥር ለደራሲው የሚከፈለው፣ ደግሞ ከ2021 ወዲህ የሚሰበስበው MLC የሚባለው ነው። ካላስመዘገብሽ ብሩ እዚያ ተቀምጦ ባለቤት ይፈልጋል።

ስለዚህ ሃኒ ከልጆቹ ጋር ወረቀት ላይ መስማማት አለባት። ግጥም 50 በመቶ፣ ዜማ 50 በመቶ ይሁን፣ ወይ ሌላ፣ ግን ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። ሁሉም ይፈርሙበት፣ ቀን ይኑረው።

ጋሽ_ካሴት

ያ ወረቀት በእኛ ጊዜ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ዜማ ደራሲ ባልተቸገረ።

ሃኒ_ድምፅ

ዛሬ ፎርሙን አስተካክያለሁ። ይሄው፦

```
Lyricist:   ገጣሚዋ
Composer:   ዜማ ደራሲው
Arranger:   አቀናባሪው
Producer:   አቀናባሪው
Executive Producer: አጎቴ
```

ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ለልጁ ላክሁለት። ከሁለት ሰዓት በኋላ «አየሁት» አለኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። ግን መለሰልኝ!

አጎቴ ሳቁ። «እኔ ስሜ ካለ የትም ይሁን» አሉ።

አሁን ደግሞ አዲስ ጣጣ መጣ። አቀናባሪው ደወለልኝ፣ በትህትና ነው፣ ግን አኩርፏል። «ከComposer ለምን አወጣሽኝ?» አለኝ። ቅንብር ሌላ ዜማ ሌላ ብዬ ያነበብኩትን ነገርኩት። «እሺ፣ ግን መግቢያው ላይ ያለችው የሳክስፎን ዜማ የኔ ናት። በልጁ ቅጂ ውስጥ የለችም። ልጆች ቲክቶክ ላይ የሚያፏጩት እሷን እንጂ አዝማቹን አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ምን ልበለው?

የሰፈር_ዲጄ

ይኸው! እኔ መጀመሪያ ምን አልኩ?

ሚክስ_ክፍል

ዲጄ፣ አሁን ነጥብ አለህ፣ አልክድም።

ለዚህ የሚጠቀስ አንድ ታዋቂ ክስ አለ። ፕሮኮል ሃረም የሚባል የእንግሊዝ ባንድ በ1967 እ.ኤ.አ. «ኤ ዋይተር ሼድ ኦቭ ፔል» የሚል ዘፈን አወጣ። ደራሲዎቹ ተብለው የተመዘገቡት ዘፋኙ ጋሪ ብሩከርና ገጣሚው ኪት ሪድ ነበሩ። ግን ዘፈኑ ሲጀምር የሚሰማው የኦርጋን ዜማ የኦርጋኒስቱ የማቲው ፊሸር ነው። ሰው ዘፈኑን የሚያውቀው በዚያ ኦርጋን ነው። ፊሸር 38 ዓመት ቆይቶ በ2005 ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ የሙዚቃው 40 በመቶ ይገባዋል አለ። ይግባኝ ሰሚው ዘግይተሃል ብሎ ገቢውን ከለከለው። በ2009 ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት መልሶ ፈረደለት። ያለፈውን 38 ዓመት ግን አላገኘም፣ ከከሰሰበት ወዲህ ያለውን ብቻ ነው።

ብሩከር ያመጣው ኮርድና ዜማ ቀድሞ ነበር። ፊሸር ኦርጋኑን ሲጨምር ያደረገው ያ የተለመደው ማጀብ ሳይሆን ራሱን የቻለ አዲስ ዜማ መፍጠር ነው ተባለ። ያ የእንግሊዝ ፍርድ ነው፤ እኛን አያስገድድም። ግን አቀናባሪሽ የሚለው ነገር ባዶ አይደለም።

ቤቲ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ ብሆን እሰጠው ነበር። 10 በመቶ፣ 15 በመቶ። ሦስቱ ከተስማሙ ማንም አይከለክላቸውም።

ጋሽ_ካሴት

ተይ ቤቲዬ፣ ለመግቢያ ሁሉ ድርሻ ከተሰጠ ነገ ከበሮ መቺውም ይመጣል። የሳክስፎን መግቢያ የሌለው የእኛ ዘፈን የትኛው ነው? መግቢያ ማበጀት የአቀናባሪው ደንበኛ ሥራ ነው፣ ለሱ ተከፍሎታል። ደግሞ ከማን ድርሻ ተቆርጦ ነው የሚሰጠው? ከዚያ ገና አሁን ስሙን ካገኘው ልጅ?

ሃኒ_ድምፅ

እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው ጋሼ። ልጁ ገና አሁን ነው «አየሁት» ያለኝ።

ሚክስ_ክፍል

ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ። እኔ መጀመሪያ የማየው አንድ ነገር ነው። ሃኒ፣ ያቺ የሳክስፎን ዜማ መጀመሪያ ላይ ብቻ መጥታ ትሄዳለች? ወይስ በዘፈኑ ውስጥ ትመለሳለች? ድምፅሽ ከሷ ጋር ይነጋገራል? መግቢያ ብቻ ከሆነች ቆርጠሽ ብትጥያት ዘፈኑ ሳይነካ ይቆማል፤ ያኔ ከጋሼ ጋር ነኝ።

ሃኒ_ድምፅ

አሁን በጆሮ ማዳመጫ ደግሜ ሰማሁት። ከእያንዳንዱ አዝማች በኋላ ትመለሳለች። መጨረሻው ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ያለ ግጥም እሷን ነው የማዜመው፣ ስምንት ዙር። ስቱዲዮ ውስጥ «ከሳክስፎኑ ጋር አብረሽ ሂጂ» ያለኝ እሱ ነበር።

ጋሽ_ካሴት

እህ።

ሚክስ_ክፍል

የልጁን የስልክ ቅጂና ያለቀውን ዘፈን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ቅጂው የተላከበት ቀን እንዳይጠፋ ሜሴጁን እንዳታጠፊው። እስከዚያ ለአቀናባሪው እሺም እምቢም አትበዪው።

ቢት_እና_ቡና

16ቱን ገዛሁት።